እይታ ይቆጠር ወይስ ጠያቂ? የማታር መንገድ መረጃ ስሌት

ቴሌግራም መጋቢት 22 ቀን 2016 ዓ.ም. 1,000 እና ከዚያ በላይ ተከታይ ላላቸው ቻናሎች፣ በቻናላቸው ላይ ከሚያወጣው ማስታወቂያ የሚያገኘውን ገቢ ግማሽ ማካፈል ጀመረ። ክፍያው ቶንኮይን በተባለው ዲጂታል ገንዘብ ነው። አራት ወር ሊሞላ ሲል፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና በውጭ ገንዘብ የሚታሰብ ገቢ ሁሉ በብር ሲሰላ በእጅጉ አደገ። ከዚያ ወዲህ ገጽ ወይም ቻናል ያለው ነጋዴ ሁሉ ከወዳጅ የሚቀርብለት የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ሰው ያየዋል?» የሚል ሆኗል።

ጥያቄው ለአንዳንዱ ተገቢ ነው። ለብዙው ግን ሥራውን ቀስ አድርጎ ከመንገዱ የሚያስወጣ ጥያቄ ነው። ከማስታወቂያ ገንዘብ ለማግኘት የሚዘጋጅ ይዘትና ደንበኛ ለማምጣት የሚዘጋጅ ይዘት ላይ ላዩን ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ይጻፋሉ፣ ፎቶ ይለጠፍባቸዋል፣ ሰው ያያቸዋል። የሚለያዩት በከፋዩ ነው። ከፋዩ ሲለይ ግቡ ይለያል፤ ግቡ ሲለይ ደግሞ በየሳምንቱ መጨረሻ ደብተር ላይ የሚሰፍረው ቁጥር መለየት አለበት። እንደ ማታር ባለ፣ ሕዝቡ ጥቂት ሆኖ መረጃው ውድ በሆነ ቦታ ላይ ይህ ልዩነት ከአዲስ አበባ ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

በአገራችን የቆዩት ሁለት መንገዶች

ነገሩ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ጋዜጦቻችን ገጻቸውን ለጨረታና ለክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ እየሸጡ ኖረዋል። አስተዋዋቂው የሚከፍለው ለገጹ ስፋት ነው። ማስታወቂያውን አንብቦ ጨረታ የሚገባው ሰው ማንነት የጋዜጣው ጉዳይ አይደለም፤ የጋዜጣው ጉዳይ መነበቡ ነው።

በሌላ በኩል ኢትዮጆብስን የመሰሉ ድረ ገጾች አሉ። ሥራ ፈላጊው በነጻ ይገባል፤ የሚከፍለው ቀጣሪው ነው። ቀጣሪው ደግሞ ገንዘቡን የሚያወጣው ለቦታው የሚመጥን አመልካች ለማግኘት ነው። አንድ ሚሊዮን ሰው ማስታወቂያውን አይቶት የሚመጥን አመልካች ባይመጣ ተመልሶ አይከፍልም። ቱመርካቶ ደግሞ ጨረታዎችን ሰብስቦ በክፍያ ለተመዘገበ ነጋዴ ያቀርባል፤ ስለ ግብርና ስለ ንግድ የሚያወጣቸው ነጻ ጽሑፎች አንባቢውን ወደዚያ የሚያደርሱ በሮች ናቸው።

እንግዲህ ማንኛውም ይዘት አዘጋጅ መለኪያ ከመምረጡ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ በወሩ መጨረሻ ገንዘቡ የሚወጣው ከማን ኪስ ነው? ከአስተዋዋቂ ኪስ ከሆነ የሚሸጠው የተመልካች ጊዜ ነው። ከራሱ ደንበኛ ኪስ ከሆነ የሚሸጠው ዕቃ ወይም አገልግሎት ነው፤ ይዘቱ የመሸጫ ወጪ ነው። ይህ ካልተለየ የቀረው ሁሉ ግምት ነው።

ማታር ላይ መረጃ ምን ያህል ያወጣል?

ማታር በጋምቤላ ክልል በኑዌር ዞን የዋንቶዋ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደቡብ ሱዳን ድንበር አጠገብ። ከጋምቤላ ከተማ በኢታንግ በኩል የሚወስደው መንገድ በበጋ ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል፣ መረሬ አፈሩ ጎማ ይይዛል፣ የተጫነ አይሱዙ መሀል መንገድ ላይ ቀናት ሊያድር ይችላል። በዚያን ጊዜ አማራጩ የሞተር ጀልባ ነው። በእንግሊዞች የንግድ ጣቢያ ዘመንም ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ የሚደርሱት ባሮ በሚሞላበት ክረምት ብቻ ነበር። በዚህ አካባቢ ውኃው መንገድ ሲዘጋ ሌላ መንገድ ይከፍታል፤ የትኛው እንደተከፈተ ማወቅ ደግሞ ራሱን የቻለ ሀብት ነው።

በ2017 ዓ.ም. የካቲት ማብቂያ ላይ በደቡብ ሱዳን ናስር አካባቢ ውጊያ ተቀስቅሶ በርካታ ሰው ድንበር ተሻግሮ ወደ ዋንቶዋ ገባ። ምግብ፣ መድኃኒት፣ የድንኳን ሸራና ነዳጅ ወደ ማታር መጓዝ ነበረበት። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ተቆርጦ የብዙ ድርጅቶች በጀት ተመናምኗል። ስለዚህ ጭነት የሚያስጭን ሰው የሚያስፈልገው ነገር በዛ፣ በእጁ ያለው ገንዘብ ግን ጠበበ። አንድ መኪና ጭቃ ላይ ቢቀር የሚደርሰው ኪሳራ ከቀድሞው የበለጠ ያሳስበዋል።

ከዚህ ተነስተን አንድ ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲያመቹ የተወሰዱ ናቸው፤ ማንም በራሱ ቁጥር ሊተካቸው ይችላል። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ጭነት የሚያገናኝ፣ ሁለት መኪና ያለውና ከጀልባ ባለቤቶች ጋር የሚሠራ ነጋዴ አለ እንበል። በየማለዳው ለሾፌሮች እየደወለ «ከኢታንግ ወዲያ መኪና ያልፋል ወይ? ትናንት የት ቦታ ተያዘ? ጀልባ ከየት ይነሳል?» ብሎ ይጠይቅና በቴሌግራም ቻናሉ አጭር ዘገባ ያወጣል። ሦስት ሺህ ተከታይ አለው። አንድ ዘገባ በአማካይ 1,200 ሰው ያየዋል። በወር 25 ዘገባ ቢያወጣ 30 ሺህ እይታ ይሆናል። ለስልክ፣ ለኢንተርኔትና ዘገባውን ለሚያጠናቅረው ልጅ በወር 12 ሺህ ብር ያወጣል።

ይህ ነጋዴ ይህን ይዘት በሁለት መንገድ ወደ ገንዘብ ሊቀይረው ይችላል።

በማስታወቂያ መንገድ ቢሄድ

እያንዳንዱ እይታ ማስታወቂያ ይዟል ብለን እንቸር፤ በተግባር እንዲህ አይሆንም። አስተዋዋቂው ለሺህ እይታ አንድ ዶላር ይክፈል። በ30 ሺህ እይታ 30 ዶላር ይሆናል። ግማሹ ለቻናሉ ባለቤት ሲደርስ 15 ዶላር ነው። አንድ ዶላር 150 ብር ቢሆን በወር 2,250 ብር። ወጪው 12 ሺህ ስለሆነ በየወሩ 9,750 ብር ይከስራል።

«ተከታይ ሲበዛ ይስተካከላል» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። ስንት መሆን አለበት? ወጪውን ብቻ ለመሸፈን በወር 160 ሺህ እይታ ያስፈልጋል፤ በ25 ዘገባ ሲካፈል ለአንዱ 6,400 ተመልካች ነው። ቁጥሩ ለአዲስ አበባ ቻናል ኢምንት ነው። ይሁን እንጂ ስለ ኢታንግና ማታር መንገድ በየቀኑ ማወቅ የሚፈልገው ማን ነው? በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ የመላው ጋምቤላ ክልል ነዋሪ 307,096 ነበር፤ ሕፃኑም፣ ስልክ የሌለውም፣ እስከ ጎደሬ ያለውም ተደምሮ። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ቢጨምርም፣ ስደተኞች ቢታከሉም፣ መኪና ወደ ማታር የሚልክ ሰው ብዛት በአሥር ሺዎች አይቆጠርም። የይዘቱ ርዕስ ራሱ ጣሪያ አለው።

የማስታወቂያ ግብ ላለው ሰው እንግዲህ የመጀመሪያው ቁጥር እይታ አይደለም፤ ይህ ርዕስ ቢበዛ ስንት ሰው ሊያየው ይችላል የሚለው ጣሪያ ነው። ጣሪያው ከወጪ መሸፈኛው በታች ከሆነ ትጋት አይለውጠውም። ጣሪያው ካለፈ ደግሞ በየወሩ መከታተል ያለበት ሦስት ነገር ነው፦ ከሺህ እይታ ስንት ብር እጁ ገባ፣ ከባለፈው ሳምንት ተመልካቾች ስንቱ ተመልሶ መጣ፣ አንድ ዘገባ ለማውጣት ስንት ብር ወጣ። የተከታይ ቁጥር ከእነዚህ አንዱንም አይተካም። ተከታይ ማሳወቂያውን ዘግቶ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል፤ የቴሌግራም ስታቲስቲክስም ማሳወቂያ ያልዘጋው ተከታይ ስንት በመቶ እንደሆነ ለይቶ ያሳያል።

በጠያቂ ደንበኛ መንገድ ቢሄድ

ያንኑ 30 ሺህ እይታ እንውሰድ። ከየዘገባው ግርጌ «ወደ ማታር ጭነት ካለዎት የጭነቱን ዓይነት፣ ክብደቱንና የሚነሳበትን ቀን ይላኩልን» የሚል መስመርና ማገናኛ አለ። በወሩ 40 ሰው ጠየቀ። ከእነዚህ 12ቱ እውነተኛ ጭነት፣ የታወቀ ቀንና ክፍያ የሚፈጽም አካል አላቸው። ከ12ቱ አራቱ ተስማምተው አስጫኑ። ነጋዴው ከሾፌርና ከነዳጅ ወጪ በኋላ ከአንዱ ጭነት 8 ሺህ ብር ቢቀረው ጠቅላላው 32 ሺህ ይሆናል። የይዘቱን ወጪ 12 ሺህ ብንቀንስ 20 ሺህ ይተርፋል።

ከዚህ ስሌት ሁለት ጠቃሚ ቁጥሮች ይወጣሉ። አንዱ ብቁ ጠያቂ ምን ያህል ያወጣል የሚለው ነው፦ 32 ሺህ ለ12 ሲካፈል 2,660 ብር ገደማ። ሌላው ብቁ ጠያቂ ለማግኘት ምን ያህል ተከፈለ የሚለው ነው፦ 12 ሺህ ለ12፣ አንድ ሺህ ብር። ሁለተኛው ከአንደኛው እስካነሰ ድረስ ይዘቱ ራሱን ይችላል። የአንድ ብቁ ጠያቂ ዋጋ ከሙሉ ወር የማስታወቂያ ገቢ እንደሚበልጥም ልብ ይሏል። በማስታወቂያ ብቻ 32 ሺህ ብር ለማግኘት በወር ወደ 427 ሺህ እይታ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ዘገባ 17 ሺህ ያህል ተመልካች ይጠየቅ ነበር።

ስለዚህ የዚህ ነጋዴ ግብ «ቻናሉን ወደ አሥር ሺህ ተከታይ ማድረስ» መሆን የለበትም። «እስከ መስከረም በወር 15 ብቁ ጠያቂ፣ ለአንዱ ከ1,200 ብር ባልበለጠ ወጪ» ቢል ግቡ ሊለካ ይችላል፤ ሲሳካም ሆነ ሳይሳካ ማንም አይከራከርበትም። በዋንቶዋና በኢታንግ የሚሠሩ የግዥና የሎጂስቲክስ ሠራተኞች ሁለት መቶ ቢሆኑና ሁሉም ቻናሉን ቢከታተሉት፣ ሌላ ሺህ ተከታይ ሳይጨምር ግቡን ሊመታ ይችላል።

ጠያቂው ከየትኛው ዘገባ እንደመጣ ማወቅ አስቸጋሪ አይደለም። በቴሌግራም ቦት ያለው ሰው ለየዘገባው ዓይነት የተለያየ መለያ ያለው ማገናኛ ሊያስቀምጥ ይችላል። ከታች ያለው የቦት ስም ለምሳሌ ነው፦

```
https://t.me/example_bot?start=menged_mattar
https://t.me/example_bot?start=jelba_waga
```

ሰውየው ማገናኛውን ነክቶ ቦቱን ሲያስጀምር ከ`start=` ቀጥሎ ያለው ቃል አብሮ ይደርሳል። ቦት ለሌለው ደግሞ ቻናሉ ላይ ስም ያላቸው የተለያዩ የመጋበዣ ማገናኛዎች መሥራት ይቻላል፤ በየትኛው ስንት ሰው እንደገባ ቴሌግራም ራሱ ይቆጥራል። በስልክ ለሚደውል ሰው «የት አገኙን?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ወዲያው መጻፍ ይበቃል። ከሁለት ወር በኋላ የመንገድ ዘገባው ብዙ እይታ፣ የጀልባ ዋጋ ዘገባው ግን ብዙ ብቁ ጠያቂ እንደሚያመጣ ሊታይ ይችላል። ያኔ የትኛው ይበዛ የሚለው ውሳኔ በቁጥር ይመራል።

ጠያቂ ሁሉ ጠያቂ አይደለም

የጠያቂ ግብ የራሱ ወጥመድ አለው። ነጋዴው «ጠያቂ ይብዛ» ብቻ ካለ ቁጥሩ ይበዛለታል፤ ሥራው ግን አይበዛም። ጋምቤላ ውስጥ የእርዳታ ድርጅት ስም የተጠቀሰበት ማንኛውም ጽሑፍ ሥራ ፈላጊን ይስባል። «ሲቪ የት ነው የሚገባው?» የሚል መልእክት እንደ ጠያቂ ከተቆጠረ የወሩ ሪፖርት ያማረ፣ ካዝናው ባዶ ይሆናል።

መፍትሔው ብቁ የሚባለው ጠያቂ ማን እንደሆነ አስቀድሞ ጽፎ ማስቀመጥ ነው። ለዚህ ምሳሌ አራት ነጥብ ይበቃል፦ ጭነቱ ምንድን ነው፣ ስንት ኩንታል ነው፣ መቼ ይነሳል፣ ማን ይከፍላል። አራቱን ያልመለሰ ሰው በትሕትና ይስተናገዳል፤ ብቁ ተብሎ ግን አይመዘገብም። መስፈርቱ በየወሩ መለዋወጥ የለበትም፤ ከተለወጠ የሰኔን ቁጥር ከሐምሌ ጋር ማወዳደር ትርጉም ያጣል።

አራቱን ጥያቄ መልሶ እንኳ ሊያሳስት የሚችል ሌላ ጠያቂ አለ፤ ለማሟያ ፕሮፎርማ የሚሰበስብ። በብዙ ድርጅቶች የግዥ ደንብ ሦስት ፕሮፎርማ ቀርቦ መወዳደር አለበት። የግዥ ሠራተኛው ሊያሠራው የሚፈልገውን ሰው አስቀድሞ ያውቀውና ሁለቱን ለፋይሉ ማሟያ ያሰባስባል። ነጋዴው ንግድ ፈቃዱን፣ ቲን ቁጥሩንና ማኅተሙን አያይዞ ይልካል፤ ከዚያ ወዲያ ዝምታ ነው። ይህን ጠያቂ ለመለየት ምልክቶች አሉ። ስለ መንገዱ አንድም ጥያቄ አያነሳም፤ ስለ መነሻ ቀን አይከራከርም፤ የሚያስቸኩለው ማኅተሙ ነው፤ ዋጋው ከገበያ በላይ ቢሆንም ቅር አይለውም። እውነተኛው ጠያቂ ግን «ዝናብ ቢጥል ማን ይከፍላል? ጀልባው ላይ መጫኛ ሠራተኛ አለ?» ብሎ ያደርቃል። ስለዚህ ከብቁ ጠያቂዎች ተርታ «ፕሮፎርማ ከወሰዱት ስንቱ ተመልሶ ጠየቀ» የሚል ሌላ ቁጥር ማስፈር ይጠቅማል። ይህ ቁጥር ከወረደ ይዘቱ የሚስበው ሰው ተቀይሯል ማለት ነው።

ሦስተኛው ችግር የጊዜ ልዩነት ነው። የማስታወቂያ ገቢ ዛሬ በታየው ልክ ይታሰባል። የድርጅት ግዥ ግን ጥያቄው በግንቦት ቢመጣ ፕሮፎርማ፣ ኮሚቴ፣ ፊርማና ውል አልፎ ሥራው በሐምሌ ሊሰጥ ይችላል። በግንቦት የጠየቁትን በግንቦት ከሠሩት ጋር የሚያወዳድር ነጋዴ ወሩን ደካማ ብሎ ይዘቱን ሊያቆም ይችላል፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ ያለ ምክንያት ሥራ የበዛለት ይመስለዋል። ትክክለኛው አመዘጋገብ ሥራውን ጥያቄው በመጣበት ወር ስር ማስፈር ነው። የግንቦት ውጤት የሚታወቀው የግንቦት ጠያቂዎች ጉዳይ ሲዘጋ፣ ምናልባት ነሐሴ ላይ ነው። እስከዚያው የሚታየው ብቁ ጠያቂ ስንት ነው የሚለው ብቻ ይሆናል።

የጠያቂዎች ስምና ስልክ የተጻፈበት መዝገብም ኃላፊነት ያመጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መረጃው ለተሰበሰበበት ዓላማ እንዲውል ይጠይቃል። ጭነት ለመጠየቅ ቁጥሩን የሰጠን ሰው ዝርዝር ለሌላ ነጋዴ መሸጥ፣ ፈጣን ገንዘብ ቢመስልም፣ የንግዱን መሠረት መናድ ነው። ጋምቤላ ትንሽ ከተማ ናት፤ ነገሩ ሳይውል ሳያድር ይሰማል።

መለኪያው ሲደባለቅ

ከሁሉም የከፋው ስህተት አንዱን ግብ በሌላው መለኪያ መመዘን ነው። በምሳሌያችን ነጋዴው ደንበኛ ለማምጣት ቻናል ከፍቶ በየሳምንቱ እይታ ይቆጥራል እንበል። አንድ ቀን ዘጋቢው ልጅ በመንገድ ላይ ስለተከሰተ ግጭት ያልተጣራ ወሬ ለጠፈ። እይታው ከ1,200 ወደ 8 ሺህ ዘለለ። ማንም ሳያዝዘው በሚቀጥለው ሳምንት ተመሳሳይ ወሬ ፈለገ። በወሩ መጨረሻ እይታው ከ30 ሺህ ወደ 90 ሺህ ደረሰ፤ ሁሉም ተደሰተ።

የጠያቂ መዝገቡን ቢከፍቱ ግን ሌላ ነገር ይነበባል። ጠያቂው ከ40 ወደ 41 ነው የጨመረው፤ ብቁ የሆነው ከ12 ወደ 9 ወርዷል። ከሺህ እይታ ይመጣ የነበረው ጠያቂ ከአንድ በላይ ነበር፤ አሁን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ማስታወቂያው ቢበራ ተጨማሪው 60 ሺህ እይታ 4,500 ብር ያመጣል። የጎደሉት ሦስት ብቁ ጠያቂዎች ደግሞ ወደ 8 ሺህ ብር ያወጡ ነበር። ሦስት እጥፍ ተመልካች አግኝቶ 3,500 ብር ከሰረ።

ኪሳራው በብር ብቻ አያበቃም። በኑዌርና በአኙዋክ መካከል ደም የፈሰሰበት ታሪክ ባለበት ክልል ውስጥ ያልተጣራ የግጭት ወሬ የሚያስከትለው አይታወቅም፤ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም አለ። ለንግዱ ደግሞ የዚያ ቻናል ዋና ንብረት «እገሌ ያልፋል ካለ ያልፋል» የሚለው እምነት ነው። የሎጂስቲክስ ሠራተኛ ወሬ የሚያራግብ ቻናል ላይ የተመሠረተ ጉዞ ለአለቃው ማስረዳት አይችልም፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ይወጣል። ሲወጣ እይታው ላይ አይታይም፤ በእሱ ቦታ አሥር ወሬ ፈላጊ ገብቷልና።

ይህን በጊዜ ለማየት አንድ ቁጥር ይበቃል፦ ከሺህ እይታ ስንት ብቁ ጠያቂ ወጣ። እይታ እየጨመረ ይህ ቁጥር ለሁለት ተከታታይ ወር ከወረደ፣ ይዘቱ የሚስበው ከፋይ ያልሆነ ሰው ነው። ተቃራኒውም ይሆናል። ነሐሴ ላይ መንገዱ ሲዘጋ እይታ ቀንሶ ጠያቂ ሊበዛ ይችላል፤ ያኔ በእይታ የሚመዘን ሰው በሥራው ምርጥ ወር ውስጥ ሆኖ ያዝናል።

ማስታወቂያ ትክክል የሚሆንበት ማታር

ይህ ሁሉ ከማታር የሚወጣ ይዘት ለማስታወቂያ አይሆንም ማለት አይደለም። የመንገድ ዘገባው ጣሪያ ዝቅ ያለው ተጠቃሚው በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው ብቻ ስለሆነ ነው። በኑዌርኛ የሚዘፈን ዘፈን፣ የሠርግ ሥነ ሥርዓት፣ የከብት ውዳሴ፣ የሽማግሌ ጨዋታ ግን ተመልካቹ ባሮ ዳር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በነብራስካዋ ኦማሃና በሚኒሶታ፣ በአውስትራሊያም በርካታ የኑዌር ቤተሰቦች ይኖራሉ። ከማታር የወጣ ግማሽ ሰዓት ቪዲዮ እዚያ ያለ ወጣት ከእናቱ ጋር ቁጭ ብሎ ሊያየው ይችላል።

የማስታወቂያ ዋጋ የሚወሰነው በአብዛኛው ተመልካቹ ባለበት አገር ነው። አሜሪካ ላለ ተመልካች አስተዋዋቂ የሚከፍለው ኢትዮጵያ ላለ ተመልካች ከሚከፍለው ብዙ እጥፍ ነው። ዩቲዩብ ከረጃጅም ቪዲዮዎች የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶውን ለአዘጋጁ ይሰጣል፤ ወደ ገቢ ማጋሪያ መርሐ ግብሩ ለመግባት 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የታየ ሰዓት ይጠይቃል። አዘጋጁ ያለበት አገር በመርሐ ግብሩ ዝርዝር ውስጥ መኖሩንና ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚደርሰው ካሜራ ከመግዛቱ በፊት ማጣራት አለበት። ብዙ ኢትዮጵያዊ አዘጋጅ ሂሳቡን ውጭ ባለ ዘመድ ስም ከፍቶ ኋላ በገንዘቡ ሲጣላ ታይቷል።

እዚህ ላይ መለኪያዎቹ ፈጽሞ ይለወጣሉ። ጠያቂ አይቆጠርም፤ የሚጠይቀው ነገር የለምና። የሚከታተሉት ቪዲዮው በአማካይ ስንት ደቂቃ እንደታየ፣ ከታየው ሰዓት ስንት በመቶው ከአሜሪካና ከአውስትራሊያ እንደመጣ፣ ከሺህ እይታ ስንት ዶላር እጅ እንደገባ ነው። ማታር ውስጥ ሺህ ሰው ከወደደው ይልቅ ኦማሃ ውስጥ ሁለት መቶ ሰው እስከ መጨረሻው ያየው ቪዲዮ የተሻለ ሊከፍል ይችላል። የመንገድ ዘገባ አቅራቢው በእነዚህ መለኪያዎች ቢመራ ያበላሻል፤ የባህል ቪዲዮ አዘጋጁ ባይመራባቸው ይከስራል።

ሁለት ደብተር

ሁለቱንም በአንድ ላይ ማስኬድ የሚፈልግ አይጠፋም፤ ለምሳሌ ጭነት እያገናኘ ለጋምቤላ ሆቴል ወይም ባንክ ቦታ የሚሸጥ። ይቻላል፤ ሒሳቡ ግን መለያየት አለበት። ለሆቴሉ የሚሸጠው ማስታወቂያ በሺህ እይታ ሳይሆን በወር ቁርጥ ዋጋ ቢሆን ለትንሽ ቻናል ይሻላል፤ ያኔ የሚለካው ውሉን ስንቱ አስተዋዋቂ እንዳደሰ ነው። ማስታወቂያው የገባበት ወር ላይ ከሺህ እይታ የሚወጣው ብቁ ጠያቂ ከቀነሰ ማስታወቂያው የነጋዴውን የራሱን በር እየጋረደ ነው፤ የሆቴሉ ክፍያ ከጎደሉት ጠያቂዎች ዋጋ ካልበለጠ ማውረድ ነው።

ውሳኔው በቁጥር ሲጠቃለል እንዲህ ይሆናል። ርዕሱ ቢበዛ በወር ስንት ሺህ እይታ ሊያገኝ እንደሚችል ይገመት፤ በሺህ እይታ በሚገኘው ብር ይባዛ። ከዚያ ከአንድ ብቁ ጠያቂ የሚገኘው ብር ከርዕሱ በወር ሊመጡ በሚችሉት ብቁ ጠያቂዎች ብዛት ይባዛ። ትልቁ የቱ እንደሆነ ከታወቀ በኋላ የሌላው መለኪያ ከሳምንታዊ ሪፖርቱ ይውጣ፤ በሦስት ወር አንድ ጊዜ መታየቱ ይበቃል። ስሌቱ የሚደገመውም መነሻዎቹ ሲለወጡ ነው። ወደ ማታር ዓመቱን ሙሉ የሚያስኬድ አስፋልት ቢገባ የማለዳው የመንገድ ዘገባ ዋጋ ያጣል፤ የእርዳታ ድርጅቶቹ ቢወጡ ከፋዩ ይጠፋል። በእነዚያ ቀናት የሚቀየረው ግቡ ራሱ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን የጭነት አገናኙ ነጋዴ ሰኞ ጠዋት የሚጠይቀው «ትናንት ስንት ሰው አየን?» ሳይሆን «ስንቱ ኩንታሉንና ቀኑን ነገረን?» የሚለውን ነው።